ደንቡ ከላይ ይሁን ከታች? ረጅም ፕሮምፕት ለሚጽፍ ሰው የቦታ ምርጫ መመሪያ

ደሴ ላይ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አላችሁ እንበል። አንድ እድር የጠቅላላ ጉባኤውን ቃለ ጉባኤ ይዞ ይመጣል። ስምንት ገጽ ነው። የሚፈልጉት ለአባላት የሚታደል የአንድ ገጽ ተኩል ማጠቃለያ ነው። እናንተም እንደ ክሎድና ጂፒቲ ላለ ጽሑፍ የሚጽፍ የኤአይ ሞዴል መመሪያ፣ ማለትም ፕሮምፕት፣ ትጽፋላችሁ። ስለ ርዝመቱ፣ ስለ አንቀጹ፣ ስለ አጻጻፉ ዘጠኝ ነጥብ ትደረድራላችሁ። ከዚያ ከሁሉም በላይ የሚያሳስቧችሁን ሦስቱን መጨረሻ ላይ ታክላላችሁ። ቀንና ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይቅር። ሐጂ፣ ሼህ፣ ቄስ፣ ወይዘሮ የሚለው መጠሪያ አይውደቅ። መጠኑ ያልተጻፈ ገንዘብ ካለ «አልተጠቀሰም» ይባል። ቀጥሎ ስምንቱን ገጽ ትለጥፋላችሁ።

መልሱ ሲመጣ የመጀመሪያው አንቀጽ ደህና ነው። ሁለተኛውም ምንም አይወጣለትም። ሦስተኛው ላይ ግን «ቀጣዩ ስብሰባ ኦክቶበር 22 ቀን 2024 በ9 ሰዓት ይካሄዳል» ይላል። ቃለ ጉባኤው ላይ የተጻፈው «ጥቅምት 12 ቀን 2017 ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ነበር። ቀኑ በትክክል ነው የተቀየረው፤ ሰዓቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ልክ ነው። ወረቀቱን የሚያነበው የሸዋ በር ሰው ግን «9 ሰዓት» ሲባል የሚገባው ከሰዓት በኋላ ነው። ስብሰባው አልቆ ሰው ከተበተነ በኋላ ይመጣል። አራተኛው አንቀጽ ላይ ደግሞ ሐጂ እገሌ በባዶ ስማቸው ተጠርተዋል። አንድ ሽማግሌ ያለ መጠሪያ በወረቀት ላይ ሲታደሉ ወሎ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ደንቡ ተጽፎ ነበር። ታዲያ ለምን ተረሳ? የት ቢጻፍስ ይሻል ነበር? ቦታ የምትመርጡባቸው አራት መንገዶች አሉ። ከመምረጥ በፊት ግን ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ደንቡን በትልቅ ፊደል ከመጻፍ ሌላ መላ አያገኝም።

«መጨረሻ» የምንለው ቦታ መጨረሻ አይደለም

ከላይ ባለው ፕሮምፕት ሦስቱ ደንቦች የመመሪያው መጨረሻ ላይ ናቸው። ሞዴሉ የሚያነበው ነገር መጨረሻ ላይ ግን አይደሉም። ከእነሱ በኋላ ስምንት ገጽ አለ። ከእነሱ በፊት ደግሞ ዘጠኝ ነጥብ አለ። ስለዚህ ያሉት መሐል ላይ ነው። በቻት መተግበሪያ ውስጥም ያው ነው። የመተግበሪያው ሠሪ አስቀድሞ የሚጽፈው የሲስተም መመሪያ ይቀድማል፤ የእስካሁኑ ምልልስ ይከተላል፤ የእናንተ አዲስ መልእክት መጨረሻ ይመጣል። የሲስተም መመሪያው የመጨረሻ መስመር የመሐል መስመር ሆኖ ይቀራል።

መሐል መሆን ለምን ይጎዳል? ሞዴሉ እያንዳንዱን ቀጣይ ቃል ሲጽፍ ከፊቱ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ መለስ ብሎ ይመዝናል። አቴንሽን የሚባለው ክፍል ለእያንዳንዱ ቶክን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ቁራጭ ጽሑፍ፣ ክብደት ይሰጣል። የክብደቶቹ ድምር ሁልጊዜ አንድ ነው። አንድ እንጀራ ለአምስት ሰውም ለሃምሳ ሰውም ሊቆረስ ይችላል፤ እንጀራው ግን ያው አንድ ነው። ሦስት መስመር ደንብ ከአንድ ገጽ ጋር ሲፎካከርና ከስምንት ገጽ ጋር ሲፎካከር የሚደርሰው ድርሻ አንድ ዓይነት አይሆንም። በዚያ ላይ ሞዴሎች በሥልጠናቸው ምክንያት ለመጀመሪያውና ለመጨረሻው ክፍል የማድላት ጠባይ አላቸው።

ይህን በግልጽ ያሳየ ሙከራ በ2023 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ወጥቷል። ከስታንፎርድና ከሌሎች ተቋማት የመጡ ተመራማሪዎች ለሞዴሎች 10፣ 20፣ 30 ሰነድ እየሰጡ ጥያቄ ጠየቁ። መልሱ ያለው በአንዱ ሰነድ ውስጥ ብቻ ነው። ያ ሰነድ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ ሲሆን ሞዴሎቹ ጥሩ መለሱ። መሐል ላይ ሲሆን ወረዱ። በጊዜው የነበረው ጂፒቲ-3.5 በአንዳንዱ አደራደር ምንም ሰነድ ሳይሰጠው ከመለሰውም የባሰ መለሰ። ሙከራው መረጃ ስለማግኘት እንጂ ደንብ ስለማክበር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የመጡ ሞዴሎችም ብዙ ተሻሽለዋል። ቢሆንም የመሐሉ ድክመት ጨርሶ ጠፍቷል ብሎ ሥራን መጣል አይገባም።

ሁለተኛ ምክንያት አለ፤ ለምርጫው ከፊተኛው ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው። እነዚህ ሞዴሎች የሚያነቡት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። እያንዳንዱ ቃል የሚያየው ከእሱ በፊት የመጣውን ብቻ ነው። ደንቡ ከቃለ ጉባኤው በፊት ካለ፣ ሞዴሉ «ጥቅምት 12» ላይ ሲደርስ ቀን መጠበቅ እንዳለበት እያወቀ ነው የሚያነበው። ደንቡ ከቃለ ጉባኤው በኋላ ከመጣ፣ ቃለ ጉባኤው ደንቡ ሳይታወቅ ተነብቧል። በምትኩ ሞዴሉ መጻፍ ሲጀምር ደንቡ አጠገቡ ነው፤ አሁን ያነበበው ነው። ከላይ የተቀመጠ ደንብ ንባቡን ይመራል፤ ከታች የተቀመጠ ደንብ ጽሑፉን ይመራል። አማራጮቹን ስትመዝኑ ይህችን ነገር ያዙ።

አማራጭ አንድ፦ ደንቡ ከላይ ብቻ

ሦስቱን ደንቦች ከአስረኛ እስከ አስራ ሁለተኛ ካለው ተራ አንስታችሁ አንደኛ መስመር ላይ ታስቀምጣላችሁ። ሌላ ምንም አትነኩም። ይህ ብቻ ብዙ ጊዜ ለውጥ ያመጣል፤ ለአጭር ሰነድ፣ ለአንድና ለሁለት ገጽ፣ በቂ ነው። ወጪውም ባዶ ነው።

ድካሙ የሚታየው መልሱ ሲረዝም ነው። ሞዴሉ በጻፈ ቁጥር የራሱ ጽሑፍ እየተጨመረ ደንቡ እየራቀ ይሄዳል። የመጀመሪያው አንቀጽ ንጹሕ ሆኖ ሦስተኛው ላይ የተበላሸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ደግሞ አንዴ ከተሳሳተ ስሕተቱ ራሱ አርአያ ይሆናል። «ኦክቶበር» ብሎ ከጻፈ በኋላ ቀጣዩ ቀን «ኖቬምበር» የመሆን ዕድሉ ይጨምራል፤ የጀመረውን መቀጠል ጠባዩ ነውና።

አማራጭ ሁለት፦ ሰነዱ ከላይ፣ ደንቡ ከታች

ቃለ ጉባኤው ይቀድማል፤ ትእዛዙና ደንቡ መጨረሻ ይመጣሉ። ክሎድን የሚሠራው አንትሮፒክ ለረጅም ሰነድ የሚመክረው ይህን ነው። ሰነዱን ከላይ አድርጎ ጥያቄውን መጨረሻ ማስቀመጥ በሙከራቸው የመልሱን ጥራት እስከ 30 በመቶ እንዳሻሻለ ጽፈዋል። አንድን ሰነድ ይዛችሁ በየጊዜው ሌላ ሌላ ጥያቄ የምትጠይቁ ከሆነም ይህ አቀማመጥ ይመቻል። ብዙ አቅራቢዎች የማይለወጠውን የመጀመሪያ ክፍል አስቀምጠው በቅናሽ ያስከፍላሉ፤ ሰነዱ ከላይ ሳይነካ ከቆየ ቅናሹ ይገኛል።

እዚህ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ሰነዱና ደንቡ በግልጽ ካልተለያዩ ሞዴሉ ደንባችሁን የቃለ ጉባኤው የመጨረሻ ውሳኔ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። የእድር ቃለ ጉባኤ ራሱ በደንብ የተሞላ ነው። «ወርሃዊ መዋጮ ያልከፈለ ይቀጣል» ከሚለው ቀጥሎ «የሰው መጠሪያ አይቀነስ» የሚል ቢመጣ፣ ሁለቱም የጉባኤው ቃል ይመስላሉ። ማጠቃለያው ላይ «ጉባኤው የሰው መጠሪያ እንዳይቀነስ ወስኗል» የሚል ዓረፍተ ነገር ካያችሁ የሆነው ይህ ነው። መድኃኒቱ ሰነዱን በመክፈቻና በመዝጊያ ምልክት ማጠር ነው።

አማራጭ ሦስት፦ ከላይም ከታችም

እኔ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የምመርጠው ይህን ነው። ከሦስት ገጽ በላይ ለሆነ ሰነድ ሌላውን ለመሞከር ጊዜ ከሌላችሁ እዚህ ጀምሩ። ንባቡም ጽሑፉም ይመራል። ኦፕንኤአይ ጂፒቲ-4.1ን ሲያወጣ በ2025 ባሳተመው መመሪያ ረጅም ሰነድ ሲኖር መመሪያውን ከሰነዱ በላይም በታችም ማስቀመጥ እንደሚሻል ጽፏል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍ ከሆነ ደግሞ ከታች ይልቅ ከላይ ይሻላል ይላል። ልብ በሉ፤ አንዱ ኩባንያ ጥያቄውን ከታች ይላል፣ ሌላው ከላይ ይላል። አንድ ጊዜ ብቻ ስትጽፉ መልሱ በምትጠቀሙት ሞዴል ይወሰናል። ሁለት ጊዜ ስትጽፉ ግን በየትኛውም ሞዴል የሚጎድልባችሁ ነገር ትንሽ ነው።

አቀማመጡ ይህን ይመስላል፦

```
ደንብ፦
1. ቀንና ሰዓት በቃለ ጉባኤው እንደተጻፈ ይቅር።
   ምሳሌ፦ «ጥቅምት 12 ቀን 2017 ከጠዋቱ 3 ሰዓት»
2. ሐጂ፣ ሼህ፣ ቄስ፣ ወይዘሮ የሚሉ መጠሪያዎች ከስም ጋር ይጻፉ።
3. መጠኑ ያልተጻፈ ገንዘብ «አልተጠቀሰም» ይባል።

<ቃለ_ጉባኤ>
...
</ቃለ_ጉባኤ>

ከላይ ያለውን ቃለ ጉባኤ በአንድ ገጽ ተኩል አሳጥር።
ስትጽፍ የሚከተሉትን ጠብቅ፦
(ከ1 እስከ 3 ያሉት ደንቦች በዚያው ቃል ይደገማሉ)
```

ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ደንቡ «ወደ ፈረንጅ አትቀይር» አይልም። ምን እንዲደረግ እንደሚፈለግ ይናገራል፤ ምሳሌም ያሳያል። ምሳሌ ከማስፈራሪያ ይልቅ ይይዛል። ሁለተኛ፣ ምሳሌው ከሰነዱ የተወሰደ እውነተኛ ቀን ነው። የፈጠራችሁት ቀን ከሆነ አልፎ አልፎ ማጠቃለያው ውስጥ ሾልኮ ይገባል፤ ያልተባለ ስብሰባ ተጠርቶ ታገኙታላችሁ።

መድገም ሲባል ሁሉን መድገም አይደለም። አስራ ሁለቱንም ነጥብ ከደገማችሁ ሦስቱ ዋና ደንቦች እንደገና በብዛት ይዋጣሉ። የሚደገመው ቢጣስ ሰው የሚጎዳበት ወይም የሚያስቀይም ደንብ ብቻ ነው። አንቀጹ አራት መስመር ይሁን አምስት ማንም አይጎዳም፤ አንድ ጊዜ ከላይ ይበቃዋል።

ሲደገም ደግሞ ቃል በቃል ይሁን። ከላይ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብላችሁ ከታች «በተለመደው አቆጣጠር» ካላችሁ ደንቡን አልደገማችሁም፤ ሁለተኛ ደንብ ጨመራችሁ። ለሞዴሉ «የተለመደው» የፈረንጁ ሊሆን ይችላል። ሁለት ደንብ ሲጋጭ ብዙ ጊዜ ወደ መጨረሻው የቀረበው ያሸንፋል። ስለዚህ ከታች ያለው ቅጂ ከላይኛው የላላ ከሆነ፣ መድገማችሁ ደንቡን አዳከመው ማለት ነው።

አራት አምስት ጊዜ መድገምም አለ። አትሞክሩት እላለሁ። «አልተጠቀሰም» የሚለው ደንብ በየገጹ ከተደጋገመ ሞዴሉ ከልክ በላይ ይታዘዛል። በግልጽ የተጻፈውን የቀብር ማስፈጸሚያ ገንዘብ ሳይቀር «አልተጠቀሰም» ሊል ይችላል። ይህ ስሕተት ከፊተኛው የከፋ ነው። የፈረንጅ ቀን ዓይን ላይ ይሰካል፤ የተደበቀ ገንዘብ ግን ቃለ ጉባኤውን ከማጠቃለያው ጋር ካላስተያያችሁ አይታይም።

አማራጭ አራት፦ ሥራውን ለሁለት መክፈል

ሰነዱ በጣም ሲረዝም፣ እንበል የሦስት ዓመት ቃለ ጉባኤ አንድ ላይ ሲመጣ፣ ቦታ መቀያየር ብቻውን አይበቃም። ያን ጊዜ በሁለት ዙር ይሠራል። በመጀመሪያው ዙር ማጠቃለያው ይጻፋል። በሁለተኛው ዙር አዲስ ቻት ተከፍቶ ማጠቃለያውና ሦስቱ ደንቦች ብቻ ይሰጣሉ፤ «ደንብ የጣሰውን ዓረፍተ ነገር ለይተህ አውጣ» ይባላል። አሁን የሚነበበው አጭር ነው። ደንቡ የሚፎካከረው ከገጽ ተኩል ጋር ብቻ ነው።

ገደቡን ግን እወቁ። ሁለተኛው ዙር «ኦክቶበር» የሚለውን ይይዛል። የወደቀውን «ሐጂ» ግን ዋናው ቃለ ጉባኤ ፊቱ ከሌለ ሊያውቅ አይችልም። መጠሪያ ያልነበረው ሰው ይሁን የወደቀበት፣ ከማጠቃለያው ብቻ አይለይም። ለእሱ ከቃለ ጉባኤው የስም ዝርዝሩን ገጽ አብራችሁ ስጡ። ቀላል ነው፤ የተሰብሳቢ ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ገጽ ላይ ነው።

ችግሩ የቦታ ነው ወይስ የሌላ? እንዴት ይታወቃል

ሁሉም የተረሳ ደንብ በቦታ ምክንያት አልተረሳም። ደንቡን ከማዘዋወራችሁ በፊት ያንኑ ፕሮምፕት በግማሽ ገጽ ቃለ ጉባኤ ሞክሩት። በአጭሩ ከተከበረና በረጅሙ ከተጣሰ፣ ችግሩ ርዝመትና ቦታ ነው። በአጭሩም ከተጣሰ ደንቡ ራሱ አልገባውም፤ ቃሉን አስተካክሉ። ወይም ሌላ ደንብ ይቃወመዋል። «ለውጭ አገር ነዋሪ አባላትም እንዲገባ አድርገህ ጻፍ» የሚል ነጥብ ከዘጠኙ ውስጥ ካለ፣ ሞዴሉን ወደ ፈረንጅ ቀን የሚስበው እሱ ነው።

ቀጥሎ ጥሰቱ የት ላይ እንደወደቀ ተመልከቱ። ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ከተጣሰ ደንቡ ከመነሻው አልተያዘም። መጀመሪያ ተከብሮ ወደ ታች ከተጣሰ በመንገድ ላይ ነው የተረሳው፤ መልሱን በክፍል በክፍል አስጽፉ፣ በየክፍሉም ሦስቱን ደንቦች መልሱ። ረጅም ቻት ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ወደ ላይ ተመልሶ መመሪያውን ማስተካከል ብቻ አይበቃም። ከታች ያሉት የተሳሳቱ መልሶች አሁንም አርአያ ሆነው ተቀምጠዋል። አዲስ ቻት ክፈቱ።

ሦስተኛው ጥርጣሬ በተለይ ለአማርኛ ጸሐፊ ነው። ሞዴሉ ደንቡን ችላ ብሎት ሳይሆን ጨርሶ ሳያየው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል በኮምፒውተር ማኅደር ሦስት ባይት ይይዛል፤ የእንግሊዝኛው አንድ ነው። ብዙ አማርኛ ሳያይ የተሠራ ቶክን ከፋፋይ አንድን ፊደል ሁለትና ሦስት ቦታ ሊሰብረው ይችላል። ስለዚህ የእናንተ ስምንት ገጽ ለሞዴሉ ከስምንት የእንግሊዝኛ ገጽ እጅግ የረዘመ ነው። ሞዴሉ በአንድ ጊዜ ከሚቀበለው ልክ ሲያልፍ አንዳንድ ፕሮግራሞች ምንም ሳይናገሩ ይቆርጡታል። በራሳችሁ ላፕቶፕ ሞዴል በኦላማ የምታስኬዱ ከሆነ ልኩን የሚወስነው `num_ctx` የሚባለው ቅንብር ነው፤ ካልነካችሁት ለአማርኛ ሰነድ ሊያንስ ይችላል።

መፈተኛው እንዲህ ነው። ሰነዱ ውስጥ የሌሉ ሦስት ቃላት ምረጡ። «ጦሳ»ን መጀመሪያ መስመር ላይ፣ «ቦርከና»ን መሐል፣ «አምባሰል»ን ከታች አስቀምጡ። ከዚያ «በጽሑፉ ውስጥ ያሉትን ሦስት የምልክት ቃላት ንገረኝ» በሉት። ሦስቱን ከነገራችሁ ጽሑፉ ሙሉ ደርሷል። «ጦሳ» በየሙከራው ከጠፋ ከላይ ተቆርጧል፤ ያን ጊዜ ደንቡን ወደ መጀመሪያ መስመር ማውጣት የባሰ ያጠፋዋል። መጀመሪያ ልኩን አስፉ ወይም ሰነዱን ክፈሉ። «ቦርከና» ብቻ አንዴ ታይቶ አንዴ ከጠፋ የመሐሉ ድክመት ነው፤ አማራጭ ሦስትን ያዙ።

አማራጮቹን ስታወዳድሩ በአንድ ሙከራ አትፍረዱ። ሞዴል አንድን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ቢጠየቅ ሁለት ዓይነት ሊመልስ ይችላል። አንድ ቃለ ጉባኤ ያዙ፤ በእያንዳንዱ አቀማመጥ አምስት አምስት ጊዜ አስኬዱት። በየመልሱ የፈረንጅ ቀን፣ የወደቀ መጠሪያና የተፈጠረ ወይም የተደበቀ ገንዘብ ቁጠሩ። ሌላ ምንም አትቀይሩ፤ የቃሉን አጻጻፍም የሰነዱንም ርዝመት አትንኩ። አለበለዚያ ለውጡን ያመጣው ቦታው ይሁን ቃሉ አይለይም። የሞዴሉ ስሪት ሲቀየር ያንኑ ቃለ ጉባኤ መልሳችሁ አስኬዱ፤ ባለፈው ስሪት ከላይ ብቻ ይበቃ የነበረ ደንብ በአዲሱ ከታችም ሊፈለግ ይችላል።